ከኮዱ በፊት የሚነበበው ፋይል

የዐድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዕለቱ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። በዓሉ ዛሬ የሚውለው ግን ማርች 2 ላይ ነው። እዚህ ላይ የተሳሳተ ማንም የለም። በመካከሉ እ.ኤ.አ. 1900 አለ፤ የግሪጎርያን አቆጣጠር በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 29ን ሲዘል የኢትዮጵያ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ማድረጉን ሳያቋርጥ ቀጠለ። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ርቀት ያኔ በአንድ ቀን ሰፋ።

ይህ ለታሪክ ወዳድ ጥሩ የቡና ጨዋታ ነው። የሕክምና ካርድ፣ የኪራይ ውል ወይም የልደት ምስክር ወረቀት የሚያትም ሶፍትዌር ለሚሠራ ፕሮግራመር ግን ራስ ምታት ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ስሌቱን ከባዶ አይጀምረውም፤ ሌላ ሰው ጽፎ በነፃ ያስቀመጠውን ፈልጎ ያመጣል። እንዲህ አንድ የተወሰነ ሥራ እንዲሠራ የተጻፈና ሌሎች ፕሮግራሞች ውስጥ ገብቶ የሚያገለግል ኮድ ላይብረሪ ይባላል። ኮዱን ማንም እንዲያየው፣ እንዲጠቀምበት፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያሰራጨው በግልጽ ከተፈቀደ ደግሞ ኦፕን ሶርስ ነው።

ፕሮግራመሩ ላይብረሪውን ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያየው ኮዱን አይደለም። `README.md` የሚባል አንድ የጽሑፍ ፋይል ነው። ላይብረሪውን ለመውሰድ ወይም ለመተው የሚወስነውም አብዛኛውን ጊዜ ይህን ፋይል አንብቦ ነው።

ልማዱ ከኢንተርኔት ይቀድማል። በ1970ዎቹ ሶፍትዌር በማግኔት ቴፕ ተጭኖ ከተቋም ወደ ተቋም ሲላክ ተቀባዩ ከምን እንደሚጀምር የሚነግር ፋይል አብሮ ይላክ ነበር። ስሙ በትልልቅ ፊደል የሚጻፈውም ለማስጮህ ብቻ አይደለም። በብዙ የቆዩ ኮምፒውተሮች የፋይል ዝርዝር ላይ ትልልቆቹ የላቲን ፊደላት ከትንንሾቹ ስለሚቀድሙ ፋይሉ ከላይ ይታያል። ዛሬ አብዛኛው ክፍት ኮድ የሚቀመጥበት ጊትሃብ ደግሞ ፋይሉን በራሱ ከፍቶ የፕሮጀክቱ የፊት ገጽ ላይ ያሳየዋል።

ሪድሚ እንዴት እንደሚጻፍ በአንድ ምሳሌ ማየት ይቀላል። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ግሪጎርያን የምትቀይር፣ በፓይተን የተጻፈች አነስተኛ ላይብረሪ አለች እንበል። ስሟን ለዚህ ጽሑፍ ሲባል `qen-masya` እንበላት። ላይብረሪዋ በእውን ያለች አይደለችም፤ ቀኖቹ፣ ትዕዛዞቹና ስሕተቶቹ ግን እውነተኛ ናቸው።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይብረሪዋ ምን እንደምትሠራ ይናገራል። “የኢትዮጵያን ቀን ወደ ግሪጎርያን፣ ግሪጎርያንን ወደ ኢትዮጵያ የምትቀይር የፓይተን ላይብረሪ” ቢባል በቂ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች እዚህ ቦታ ላይ “ፈጣን፣ ዘመናዊና ኃይለኛ” ብለው ይጀምራሉ። አንባቢው ግን ቀን ለመቀየር መጥቶ ፍጥነት ተነግሮት ይሄዳል።

ቀጥሎ ላይብረሪዋ የማትሠራው ነገር ሊጻፍ ይገባል። ይህን የሚጽፉት ጥቂቶች ቢሆኑም አንባቢውን ከብዙ ድካም የሚያድነው እሱ ነው። አንድ ሰው የሚፈልገው ድረ ገጽ ላይ የዛሬውን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማሳየት ብቻ ከሆነ ላይብረሪ አያስፈልገውም። ዘመናዊ ብሮውዘሮች የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃሉ፤ ይህች አንዲት የጃቫስክሪፕት መስመር ትበቃዋለች።

```javascript
new Intl.DateTimeFormat('am-ET-u-ca-ethiopic').format(new Date())
```

ላይብረሪን የሚጽፍ ሰው “የእኔን አትጠቀሙ” ብሎ ለመጻፍ እጁ ይከብደዋል። ያደረጉት ግን አሉ። `left-pad` የምትባል፣ ቃል ከፊቱ ክፍት ቦታ ወይም ዜሮ እየተጨመረበት የተፈለገውን ርዝመት እንዲሞላ የምታደርግ በጣም ትንሽ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ነበረች። በማርች 2016 ባለቤቷ በድንገት ከኤንፒኤም መጋዘን ሲያነሳት በእሷ ላይ የተደገፉ እጅግ ብዙ ፕሮግራሞች መጫን አቅቷቸው ነበር። ኋላ ግን ጃቫስክሪፕት ራሱ `padStart` የሚባል አብሮት የተወለደ ያህል ቀላል መሣሪያ አገኘ። ዛሬ `left-pad`ን ለመጫን የሚሞክር ሰው በእሷ ፈንታ `padStart`ን እንዲጠቀም የሚመክር ማስጠንቀቂያ ይመጣለታል። ሥራቸው ያለቀ ላይብረሪዎች ሁሉ እንዲህ በክብር ቢሰናበቱ ጥሩ ነበር።

ከዚያ መጫኛው ይመጣል። ላይ ላዩን ሲታይ አንድ መስመር ብቻ ነው።

```
pip install qen-masya
```

ችግር በብዛት የሚፈጠረው ግን በዚህች መስመር ዙሪያ ነው። የመጀመሪያው የስም ነገር ነው። በፓይተን ዓለም አንድ ላይብረሪ የሚጫንበት ስምና ኮድ ውስጥ የሚጠራበት ስም ሊለያይ ይችላል። ከድረ ገጽ መረጃ ለመልቀም የሚያገለግለው ታዋቂ ላይብረሪ `beautifulsoup4` ተብሎ ይጫናል፤ ኮድ ውስጥ የሚጠራው ግን `bs4` ተብሎ ነው። ለምስል ሥራ የሚያገለግለው `pillow` በኮድ ውስጥ `PIL` ይሆናል። የእኛዋም ላይብረሪ ብትሆን የፓይተን ሕግ በሚጠሩ ስሞች ውስጥ ጭረትን ስለማይፈቅድ `qen_masya` ተብላ ነው የምትጠራው። ሪድሚው ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ካላሳየ ጀማሪው `import qen-masya` ብሎ ይጽፍና ኮምፒውተሩ የአጻጻፍ ስሕተት አለ ይለዋል። ስሙን ራሱ ከገመተ ደግሞ `ModuleNotFoundError` ይመጣበታል። አሁን የጫነውን ነገር “የለም” ሲሉት ሰው ግራ ይጋባል፤ ብዙዎችም ላይብረሪዋ ተበላሽታለች ብለው የሚተዉት እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው የዶላር ምልክት ነው። ብዙ ሪድሚዎች ትዕዛዝ በተርሚናል የሚጻፍ መሆኑን ለማሳየት ከፊቱ `$` ያስቀምጣሉ። ልምድ ያለው ሰው ምልክቱን ትቶ ይቀዳል። ጀማሪው ግን መስመሩን እንዳለ ገልብጦ ይለጥፍና `$: command not found` የሚል መልስ ያገኛል። ምልክቱ ከተተወ ማንም አይጎዳም።

ሦስተኛው ትንሽ ዘርዘር ይላል። ከ2023 ወዲህ በወጡት የኡቡንቱና የዴቢያን እትሞች ላይ `pip install` በቀጥታ ከተጻፈ ኮምፒውተሩ `externally-managed-environment` የሚል ስሕተት አሳይቶ ያቆማል። ምክንያቱ መጥፎ አይደለም። አንዳንድ የሲስተሙ መሣሪያዎች ራሳቸው በፓይተን ስለሚሠሩ ተጠቃሚው የሚጭነው ላይብረሪ የሲስተሙን ፋይሎች እንዳያበላሽ የተደረገ ጥበቃ ነው። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት የራሱን የተለየ የፓይተን ክፍል መክፈት ነው። ሪድሚው ይህን በሁለት መስመር ቢያስቀምጥ ተጠቃሚው በየቦታው መልስ ፍለጋ ከመንከራተት ይድናል።

```
python3 -m venv .venv
source .venv/bin/activate
```

ሁለተኛው መስመር ዊንዶውስ ላይ አይሠራም፤ እዚያ `.venv\Scripts\activate` ነው የሚጻፈው። ኢትዮጵያ ውስጥ ዊንዶውስ የሚጠቀም ተማሪ ብዙ በመሆኑ የእኛዋ ላይብረሪ ሪድሚ ይህን መዝለል አይችልም።

ኔትወርክ የሚቆራረጥበት ቦታ ላለ ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ኢንተርኔት ባለበት ኮምፒውተር ላይ ላይብረሪዋን ወደ አንድ ፎልደር ማውረድና በፍላሽ ይዞ ሄዶ መጫን ይቻላል።

```
pip download qen-masya -d fayloch
pip install --no-index --find-links fayloch qen-masya
```

የመጀመሪያው መስመር ኢንተርኔት ያለው ኮምፒውተር ላይ፣ ሁለተኛው የሌለው ላይ ይጻፋል። በንጹሕ ፓይተን ለተጻፈች ትንሽ ላይብረሪ ይህ ያለ ችግር ይሠራል። በሌላ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ክፍል ያላቸው ትልልቅ ላይብረሪዎች ግን ለአንድ ዓይነት ሲስተምና ለአንድ የፓይተን እትም የተዘጋጁ ስለሚሆኑ ሁለቱ ኮምፒውተሮች መመሳሰል አለባቸው። አብዛኛው ሪድሚ ስለ ፍላሽ አይናገርም፤ የሚጻፈው ኢንተርኔት እንደ ቧንቧ ውኃ ሁልጊዜ ይመጣል ብሎ በሚያስብ ሰው ነውና። (ቧንቧውም ቢሆን ሁልጊዜ እንደማይመጣ የአዲስ አበባ ነዋሪ ያውቃል።)

የሪድሚ ልቡ የአጠቃቀም ምሳሌው ነው። አንባቢው ማብራሪያውን ዘሎ ምሳሌውን ይገለብጣል፣ ኮዱ ውስጥ ይለጥፋል፣ ከዚያ ቁጥሮቹን ብቻ ይቀይራል። ስለዚህ ምሳሌው ምን እንደሚያሳይ መምረጥ ከባድ ውሳኔ ነው። ሰነፍ ጸሐፊ የሚያስቀምጠው አንድ ምሳሌ ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 መሆኑን ያሳይና ያበቃል። ትክክል ነው። ነገር ግን አንባቢው ከዚህ የሚማረው ዕንቁጣጣሽ ምንጊዜም ሴፕቴምበር 11 ነው የሚለውን ነው፤ ያ ደግሞ ስሕተት ነው። ጎበዝ ጸሐፊ ሁለት ዓመታትን ጎን ለጎን ያስቀምጣል።

```python
>>> from qen_masya import to_gregorian
>>> to_gregorian(2016, 1, 1)
datetime.date(2023, 9, 12)
>>> to_gregorian(2017, 1, 1)
datetime.date(2024, 9, 11)

```

2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበራት፤ የ2016 ዕንቁጣጣሽም በአንድ ቀን ዘግይቶ ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። ይህን ማንም የቤተ ክርስቲያን ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ያውቀዋል፤ ፕሮግራመሩ ላያውቀው ይችላል። በሪድሚው ውስጥ ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ያለ ምንም ማብራሪያ ጥያቄ ያስነሳሉ፤ “ለምን ተለያዩ?” የሚል አንባቢ ደግሞ የቀረውን ያነባል።

የዐድዋም ቀን እዚሁ ቦታ አለው። ላይብረሪዋ የ1900ን ድንበር በትክክል መሻገሯን የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም፤ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ መልሱን ከታሪክ መጽሐፍ ጋር ማመሳከር ይችላል።

```python
>>> to_gregorian(1888, 6, 23)
datetime.date(1896, 3, 1)
>>> to_gregorian(2017, 6, 23)
datetime.date(2025, 3, 2)

```

“ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ጨምር፣ ቀኑን በዚህ ያህል ግፋ” በሚል ቋሚ ቁጥር የተሠራ ስሌት ሁለተኛውን ያገኛል፤ የመጀመሪያውን ግን በአንድ ቀን ይስታል። ይኸው ነገር ከ2100 በኋላም ይደገማል፤ ያኔ ዕንቁጣጣሽ ወደ ሴፕቴምበር 12 ይገፋል። ስለዚህ ላይብረሪዋ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዓመት እንደተፈተነች ሪድሚው በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር አለበት።

መሥራት የሌለበት ነገር ሲጠየቅ ምን እንደሚመልስ ማሳየትም ያስፈልጋል። 2016 ጳጉሜን አምስት የሆነችበት ዓመት ነው። ተጠቃሚው “ጳጉሜን 6 ቀን 2016” ብሎ ቢያስገባ ላይብረሪዋ ዝም ብላ መስከረም 1 ልታደርገው ትችላለች፤ ወይም ስሕተት መሆኑን ትናገራለች። የልደት ቀን በሚመዘገብበት ቦታ ዝም ማለት አደገኛ ነው፤ የተሳሳተ ቁጥር ማንም ሳያየው መዝገብ ውስጥ ይገባልና። ሪድሚው ባሕርዩን በግልጽ ያሳያል።

```python
>>> to_gregorian(2016, 13, 6)
Traceback (most recent call last):
    ...
ValueError: በ2016 ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ አላት

```

አንድ ገደብ ቀርቷል። ላይብረሪዋ ቀን እንጂ ሰዓት አታውቅም። “ዛሬ” ስትባል የምትወስደው ኮምፒውተሩ ያለበትን ቦታ ቀን ነው። በጁላይ ወር ዋሽንግተን ውስጥ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ የፈረንጆቹ ቀን እዚህ ተቀይሯል፣ እዚያ ገና ነው። አሜሪካ ያለ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም አዲስ አበባ ላለ ደንበኛ የትናንቱን ቀን ያትማል ማለት ነው። ይህ የላይብረሪዋ ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን በሪድሚው ካልተጻፈ “ቀኑ በአንድ ይጎድላል” የሚለው አቤቱታ ማባሪያ አይኖረውም።

እስካሁን የታዩት ምሳሌዎች ሁሉ በ`>>>` የሚጀምሩት ለጌጥ አይደለም። ፓይተን `doctest` የሚባል አብሮት የሚመጣ መሣሪያ አለው። መሣሪያው ጽሑፉን አንብቦ በ`>>>` የጀመረውን መስመር ሁሉ ያስኬዳል፤ ከሥሩ የተጻፈው መልስ ከተገኘው ጋር ካልተስማማ ይናገራል።

```
python -m doctest README.md
```

ሁሉም ትክክል ከሆነ ምንም አይታተምም። ካልሆነ የተጠበቀውና የተገኘው መልስ ከላይና ከታች ተቀምጠው ይታያሉ። እዚህ ላይ ብዙዎችን ያደናገረ አንድ ወጥመድ አለ። በሪድሚ ውስጥ የኮድ ክፍል የሚዘጋው በሦስት የተገላቢጦሽ ጭረቶች ነው። ጭረቶቹ ከመልሱ ሥር ወዲያው ከተቀመጡ `doctest` እነሱንም የመልሱ አካል አድርጎ ይቆጥርና ትክክለኛውን ምሳሌ ስሕተት ይለዋል። ለዚህ ነው ከላይ በእያንዳንዱ ምሳሌ መጨረሻ አንድ ባዶ መስመር የተተወው። ይህ ሥርዓት አንዴ ከተዘረጋ ኮዱ ተቀይሮ ሪድሚው ሳይታደስ የሚቀርበት ዕድል በጣም ይቀንሳል። ያረጀ ምሳሌ ደግሞ ምሳሌ ከሌለው ሪድሚ ይብሳል፤ ሰው አምኖት ይገለብጠዋልና።

አሁን ወደ አስተዋጽኦ ሕጎች እንምጣ። ኦፕን ሶርስ ላይብረሪ ላይ ከውጭ የሚመጣ ሰው ሁለት ነገር ያደርጋል። ችግር ሲያገኝ ኢሹ ይከፍታል፤ ማለትም አቤቱታውን በጽሑፍ ያስመዘግባል። መፍትሔ ካለው ደግሞ ፑል ሪኩዌስት ይልካል፤ የቀየረውን ኮድ አቅርቦ ባለቤቱ እንዲቀበለው ይጠይቃል። ሕጎቹ አጭር ከሆኑ ሪድሚው መጨረሻ ላይ ይጻፋሉ፤ ከረዘሙ `CONTRIBUTING.md` ወደሚባል ፋይል ይወጣሉ። ጊትሃብ አንድ ሰው ኢሹ ወይም ፑል ሪኩዌስት ሊከፍት ሲል የዚህን ፋይል ማገናኛ ያሳየዋል።

ከሕጎቹ ሁሉ በፊት ግን የፈቃድ ውሉ ይቀድማል። ብዙ ወጣት ፕሮግራመሮች ኮድ ጊትሃብ ላይ ከተቀመጠ የሁሉም ነው ብለው ያምናሉ። አይደለም። የፈቃድ ፋይል የሌለው ኮድ በቅጂ መብት ሕግ የጸሐፊው ብቻ ነው፤ ሌላው ሊያየው ይችል ይሆናል እንጂ ሶፍትዌሩ ውስጥ አስገብቶ ሊሸጠው መብት የለውም። ለትንሽ ላይብረሪ አጭሩ የኤምአይቲ ፈቃድ ብዙ ጊዜ ይመረጣል፤ ስሙን እስከጠበቁና ውሉን አብረው እስካስቀመጡ ድረስ ማንም እንደፈለገ እንዲጠቀምበት ይፈቅዳል፣ ጸሐፊውንም ለሚደርስ ጉዳት ከኃላፊነት ነፃ ያደርጋል። ሪድሚው ላይ አንድ መስመር ይበቃል፤ ሙሉው ውል `LICENSE` በተባለ ፋይል ይቀመጣል።

ቀጥሎ ረዳቱ ኮዱን አውርዶ እንዴት እንደሚፈትን ይነገረዋል።

```
pip install -e ".[test]"
pytest
```

የጥቅስ ምልክቶቹ ትንሽ ነገር ይመስላሉ። ከ2019 ወዲህ የማክ ኮምፒውተሮች ተርሚናል በነባሪነት የሚጠቀመው ዚሼልን ነው፤ ያለ ጥቅስ ከተጻፈ ዚሼል አራት ማዕዘን ቅንፎቹን የፋይል ፍለጋ አድርጎ ይወስድና `no matches found` ብሎ ያቆማል። የላይብረሪዋ ጸሐፊ ሊኑክስ ላይ ስለሚሠራ ይህን በዕድሜው ላያየው ይችላል።

ከዚያ በኋላ የሚመጡት ሕጎች ከሥራው ጠባይ የተቀዱ መሆን አለባቸው። ከሌላ ፕሮጀክት ተገልብጦ የመጣ ሦስት ገጽ ሕግ ያላት ሃምሳ መስመር ላይብረሪ ታሳቅቃለች። ለሊኑክስ ከርነል በ2004 የመጣው፣ እያንዳንዱ አስተዋጽኦ አድራጊ ኮዱን ለመስጠት መብት እንዳለው በስሙ የሚያረጋግጥበት ደንብ ለከርነሉ ተገቢ ነው፤ ለአንድ ቀን ማስያ ግን ከመጠን በላይ ነው።

ለ`qen-masya` የሚያስፈልጋት ሌላ ነው። አንድ ሰው በቅን ልቦና እንዲህ የሚል ፑል ሪኩዌስት ላከ እንበል፦ “የ2016 አዲስ ዓመት በስሕተት 12 ተብሏል፤ ወደ 11 አስተካክያለሁ።” ቀይሮም የላከው ስሌቱን ነው። ባለቤቱ በችኮላ ቢቀበለው የላይብረሪዋ ተጠቃሚዎች ሁሉ ቀን ይዛባባቸዋል። ሕጉ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመክታል፦ ስሌቱን የሚነካ ማንኛውም ለውጥ በታተመ የቀን መቁጠሪያ የተረጋገጠ ቢያንስ አንድ ቀን እንደ ፈተና ይዞ ይቅረብ። ላኪው ይህን አንብቦ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የ2016 ካሌንደር ሲያይ ስሕተቱን ራሱ ያገኘዋል፤ ማንም ማንንም አላስቀየመም።

ሁለተኛው የወራት ስም ነው። አንዱ “ኅዳር” ብሎ ጽፏል፣ ሌላው ወደ “ህዳር” ይቀይራል፣ ሦስተኛው ይመልሰዋል። “ጳጉሜን” እና “ጳጉሜ”ም እንዲሁ ናቸው። ለሰው ጆሮ ኅዳርና ህዳር አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ፊደላት ስለሆኑ በአንዱ የተመዘገበውን በሌላው የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። የትኛው ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ሪድሚ አይፈታውም። ማድረግ የሚችለው ላይብረሪዋ የትኛውን አጻጻፍ እንደምትከተል መጻፍና ለውጥ የሚፈልግ ሰው ኮድ ከመላኩ በፊት ኢሹ ከፍቶ እንዲነጋገር መጠየቅ ነው። “መጀመሪያ እንነጋገር” የሚለው ሕግ ዋጋው እዚህ ይታያል፤ የሰው የሁለት ቀን ድካም ሳይነበብ አይመለስም።

ሌሎቹ አጫጭር ናቸው። አንድ ፑል ሪኩዌስት አንድ ነገር ብቻ ይቀይር። አጠቃቀሙን የሚነካ ለውጥ ሪድሚውንም ይንካ። ኢሹ በአማርኛም በእንግሊዝኛም መጻፍ ይቻላል። ባለቤቱ በትርፍ ጊዜው የሚሠራ ከሆነ መልስ ሳምንታት ሊወስድ እንደሚችል ቢጽፍ ሐቀኛ ይሆናል፤ ሰው ዝምታን ንቀት አድርጎ የሚወስደው ምክንያቱ ካልተነገረው ነው።

ሪድሚ ጨርሷል የሚባለው መቼ ነው? መፈተኛው ቀላል ነው። ባለቤቱ አዲስ ባዶ ፎልደር ይከፍታል፣ አዲስ የፓይተን ክፍል ያዘጋጃል፣ ከዚያ በጭንቅላቱ ያለውን ሁሉ ትቶ የሪድሚውን ትዕዛዞች ብቻ ከላይ ወደ ታች እየገለበጠ ይለጥፋል። አንድ ቦታ ላይ “እዚህ ጋ ይህን ማድረግ ነበረብኝ” ብሎ ከራሱ የጨመረው ነገር ካለ ያ ነገር ሪድሚው ላይ የጎደለው መስመር ነው። ከራሱ ይልቅ ላይብረሪዋን አይቷት የማያውቅ ጓደኛውን ቢያስቀምጥና ዝም ብሎ ቢያይ ደግሞ የበለጠ ያገኛል፤ ዝም ማለቱ ነው የሚከብደው።

ላይብረሪ የሌላችሁ፣ ግን የሌሎችን የምትጠቀሙ አንባቢዎችም በዚህ ውስጥ ድርሻ አላችሁ። የመጫኛ መስመር አልሠራ ሲላችሁ ወይም ምሳሌው የተጻፈውን መልስ ካልሰጠ መፍትሔውን አግኝታችሁ ዝም አትበሉ። ጊትሃብ ላይ ሪድሚውን ከፍታችሁ የእርሳስ ምልክቷን ተጫኑ፣ መስመሩን አስተካክሉና ላኩ፤ ቅጂውን ማዘጋጀቱንና ወደ ፑል ሪኩዌስት መምራቱን ጊትሃብ ራሱ ይሠራላችኋል። ኮድ መጻፍ አያስፈልግም፤ የጎደለ የጥቅስ ምልክት መጨመርም አስተዋጽኦ ነው።